ዲስኩ ይሸጣል፣ ዲጂታሉ ለምን አይሸጥም?

በኦክቶበር 2024 ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ሒሳብ ለመክፈል የቀረቡ ደንበኞች ከዚያ በፊት ያላዩት አጭር ማስታወቂያ ገጠማቸው። ማስታወቂያው ዲጂታል ምርት የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ምርቱን በስቲም ላይ የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ይገልጻል። የወጣውም የካሊፎርኒያ ግዛት አዲስ ሕግ ባጸደቀች ማግስት ነው። ሕጉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ፈቃድ ብቻ የሚሰጡ ሻጮች «ግዛ» የሚለውን ቃል ያለ ማብራሪያ እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። በዚያው ኦክቶበር በ23ኛው ቀን ደግሞ የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ክርክር ዘግቶ፣ ከስቲም የተገዛ ጌም ለሌላ ሰው መልሶ ሊሸጥ እንደማይችል ወሰነ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ዜናዎች ተደራርበው ሲወሩ ብዙ ሰው ኩባንያዎቹ የደንበኛውን ንብረት በአዲስ መልክ እንደወሰዱ አድርጎ ተረዳው። በሕግ በኩል ግን የተወሰደ አዲስ ነገር የለም። ውሉ ድሮም የሚለው ይህንኑ ነበር፤ የተለወጠው ነገሩ በግልጽ መነገሩ ብቻ ነው። ይልቅ ማብራሪያ የሚሻው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ጌም በዲስክ ሲገዛ ተጫውቶ መሸጥ የማንም ፈቃድ የማያስፈልገው ተራ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ያው ጌም በተመሳሳይ ዋጋ ከኢንተርኔት ሲወርድ ለምን የማይቻል ይሆናል?

## ልዋጭ በጌም መደብር

በአሜሪካና በአውሮፓ የጌም መደብሮች ለአሥርታት የሠራው አሠራር በእኛ ሰፈር ሲጮህ ከኖረው ልዋጭ ብዙም አይርቅም። ደንበኛው ተጫውቶ የጨረሰውን ይዞ ይመጣል፣ ሻጩ ዋጋ ይቆርጥለታል፣ ደንበኛውም ልዩነቱን ጨምሮ ሌላ ይወስዳል። ጌምስቶፕ በተባለው የአሜሪካ የመደብር ሰንሰለት ሠራተኛው ዲስኩን ገልብጦ ወደ ብርሃን ያዘነብለውና መጫጫሩን ያያል፣ የሣጥኑን ባርኮድ ያነባል፣ ኮምፒውተሩም የዕለቱን ዋጋ ይነግረዋል። ዋጋው ሁለት ዓይነት ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ዝቅ ይላል፤ እዚያው መደብር ዕቃ ሊገዛበት በሒሳቡ የሚያዝለት ከፍ ይላል። መደብሩ የሚፈልገው ገንዘቡ ከበሩ ሳይወጣ ወደ ሌላ ግዢ እንዲዞር ነው።

ነገሩን በግምታዊ ቁጥር እንየው። አንድ ሰው አዲስ ጌም በ70 ዶላር ገዝቶ በአንድ ወር ውስጥ ጨረሰውና መልሶ ሲያመጣው 35 ዶላር ተያዘለት እንበል። መደብሩ ዲስኩን ጠርጎ በ60 ዶላር መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ተጫዋች ጌሙን ያየው በ35 ዶላር ነው ማለት ነው። ሁለተኛው 10 ዶላር ተረፈው፣ መደብሩ 25 ዶላር አገኘ፣ ጌሙን የሠሩትና ያሳተሙት ሰዎች ከሁለተኛው ሽያጭ ምንም አላገኙም። ይኸው ዲስክ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ሊዞር ይችላል፤ በየዙሩ ዋጋው ይወርዳል፣ የአሳታሚው ድርሻ ግን ያው ዜሮ ነው።

ጌምስቶፕ ገበያው በደራበት ዘመን፣ በተለይ ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት፣ ለባለአክሲዮኖች ባወጣቸው ሪፖርቶች ከአዲስ ጌም ሽያጭ የሚቀረው ጥቅል ትርፍ ሩብ እንኳ አይሞላም ነበር። ካገለገለ ጌም የሚቀረው ግን ከሽያጩ ወደ ግማሽ ይጠጋ ነበር። አሳታሚዎቹ ይህን ቁጥር እያዩ ዝም አላሉም። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2010 በስፖርት ጌሞቹ ሣጥን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኮድ የተጻፈበት ወረቀት ማስገባት ጀመረ። የመጀመሪያው ገዢ ኮዱን አስገብቶ በኢንተርኔት ይጫወታል፤ ዲስኩን ከእሱ የገዛው ሰው ግን ለዚሁ መብት 10 ዶላር መክፈል ነበረበት። ኩባንያው በ2013 አሠራሩን ተወው፤ ዘዴው ግን አንድ ነገር አሳይቷል። ዲስኩን መሸጥ መከልከል ባይቻልም፣ የዲስኩን ዋጋ ከዲስኩ ውጭ ወዳለ ነገር ማዛወር ይቻላል።

## መብቱ ከዕቃው ጋር ነው የሚሄደው

መከልከል ያልተቻለበትን ምክንያት ለማግኘት ወደ 1908 መመለስ ያስፈልጋል። አንድ የአሜሪካ መጽሐፍ አሳታሚ በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ፣ መጽሐፉን ከአንድ ዶላር በታች መሸጥ የቅጂ መብቱን እንደ መጣስ ይቆጠራል የሚል ማሳሰቢያ አትሞ ነበር። ሜሲስ የተባለው የኒው ዮርክ መደብር ማሳሰቢያውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር በ89 ሳንቲም ሸጠው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም አሳታሚው አንዱን ቅጂ አንዴ ከሸጠ በኋላ ያ ቅጂ ወደፊት በስንት እንደሚሸጥ የመወሰን ሥልጣን የለውም አለ። ይህ የመጀመሪያ ሽያጭ ደንብ ተባለ፤ በአሁኑ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 109 ላይ ሰፍሯል። አውሮፓውያን ተመሳሳዩን ሐሳብ የመብት መሟጠጥ ይሉታል። ባለመብቱ በዚያች አንድ ቅጂ ዝውውር ላይ የነበረው ሥልጣን ቅጂዋ በተሸጠችበት ቅጽበት ያልቃል ለማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይበጃል። የሚሟጠጠው የማከፋፈል መብት ነው፤ የማባዛት መብት አይሟጠጥም። መጽሐፌን ለጎረቤቴ መሸጥ እችላለሁ፤ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ኮፒውን መሸጥ ግን አልችልም። የዲጂታሉ ጣጣ ሁሉ ከዚህች ልዩነት ይመነጫል፤ ምክንያቱም ፋይል ሳይባዛ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ መሄድ አይችልም።

የጌም አሳታሚዎች ይህን ደንብ በዲስክም ላይ ለመገደብ ሞክረዋል። በጃፓን ጌም እንደ ፊልም ስለሚቆጠር፣ ለፊልም የተሰጠው ጠንካራ የማከፋፈል መብት ለእኛም ይገባል ብለው ያገለገሉ ጌሞች ሻጮችን ከሰሱ። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2002 ጌም የፊልም ባሕርይ እንዳለው ተቀብሎ፣ መብቱ ግን በመጀመሪያው ሽያጭ ያበቃል በማለት ረታቸው። «ጌም ምን ዓይነት ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሃያ ዓመት በኋላ በፓሪስ ተመልሶ ይመጣል፤ እዚያ ግን ውጤቱ ተገልብጧል።

## «ግዛ» ሲጫን የሚሆነው

በዲጂታል ግዢ ደንበኛው የሚያገኘው በመደብሩ ሰርቨር ላይ ያለ አንድ መዝገብ ነው። መዝገቡ ይህ አካውንት ይህን ጌም የመጫወት ፈቃድ አለው ይላል። የጌሙ ፋይል ራሱ ለማንም አንድ ዓይነት ነው፤ ተጠርጎ ደግሞ ሊወርድ ይችላል። ዋጋ ያለው መዝገቡ ነው።

ዲስኩም ቢሆን ዛሬ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 በተባለው የጌም ማጫወቻ ኮንሶል ውስጥ የገባ ዲስክ ይዘቱ ወደ ኮንሶሉ ማከማቻ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ጌሙ የሚነበበው ከዚያው ነው። ሆኖም ዲስኩ ከወጣ ጌሙ አይከፈትም። ዲስኩ የጌሙ ማኅደር መሆኑ ቀርቶ የፈቃዱ ቁልፍ ሆኗል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ይህ ቁልፍ በእጅ የሚያዝ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ የሚገኝና ባለቤቱ ለማንም ሊያቀብለው የሚችል መሆኑ ነው። በዲጂታሉ ግን ቁልፉ ያለው መደብሩ እጅ ነው።

ስለዚህ ዲጂታል ጌምን መልሶ መሸጥ በቴክኒክ አይቻልም የሚለው በተደጋጋሚ የሚሰማ አነጋገር ትክክል አይደለም። ፈቃዱን ከአንዱ አካውንት ሰርዞ በሌላው ላይ መጻፍ ለመደብሩ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ገንዘብ ሲመልስ የመጀመሪያውን ግማሽ በየቀኑ ይሠራዋል። ማይክሮሶፍትም በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ያቀረበው እቅድ ይህን ያካተተ ነበር። ጌሞች ሁሉ ከአካውንት ጋር ይታሰራሉ፣ ሆኖም በዲስክ የተገዛውን፣ አሳታሚው ከፈቀደ፣ በተመረጡ መደብሮች በኩል መልሶ መሸጥ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ለጓደኛ መስጠት ይቻላል የሚል ነበር። እቅዱ ዲስኩንም በዚሁ ደንብ ሥር ስላስገባውና ኮንሶሉ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት እንዲገናኝ ስላስገደደ፣ ተቃውሞው በረታ፤ ኩባንያው በጁን 19 ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። በዚያው ፈቃድን ከአካውንት ወደ አካውንት የማዘዋወር ሐሳቡም አብሮ ተቀበረ።

የበለጠ የሚያስገርመው ምሳሌ ራሱ ስቲም ውስጥ አለ። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ተጫዋቾች በጌም ውስጥ ያገኟቸውን ዕቃዎች፣ ለምሳሌ የካውንተር ስትራይክ ጠመንጃ የሚቀባበትን ቀለም፣ እርስ በርስ የሚሸጡበት ይፋዊ ገበያ ተከፍቷል። ስቲም ከእያንዳንዱ ሽያጭ 5 በመቶ ይወስዳል፣ በካውንተር ስትራይክ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ለጌሙ ተብሎ ሌላ 10 በመቶ ይቆረጣል፤ ሻጩ የሚያገኘውም ገንዘብ በስቲም ቦርሳው ይገባል እንጂ ወደ ባንክ አይወጣም። እንግዲህ የጠመንጃው ቀለም ይሸጣል፣ ጠመንጃው ያለበት ጌም አይሸጥም። ሁለቱም በአንድ ሰርቨር ላይ ያሉ መዝገቦች ናቸው። የሚለያቸው የመደብሩና የአሳታሚው ፈቃደኝነት ነው።

## የፓሪሱ ክርክር

ይህን ፈቃደኝነት በፍርድ ቤት ለማስገደድ እስከ መጨረሻው የተጓዘው ዩኤፍሴ ክ ሹዋዚር የተባለው የፈረንሳይ ሸማቾች ማኅበር ነው። በዲሴምበር 2015 የስቲም ባለቤት የሆነውን ቫልቭን ሲከስ፣ ጌሞችን ማስተላለፍ የሚከለክለው የውሉ አንቀጽ የአውሮፓን ሕግ ይጥሳል አለ። የተመካበትም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጁላይ 2012 የሰጠው ውሳኔ ነበር። በዚያ ጉዳይ ኦራክል፣ የእሱን ሶፍትዌር ፈቃዶች ከቀድሞ ተጠቃሚዎች እየገዛ መልሶ ይሸጥ የነበረውን ዩዝድሶፍትን ከስሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ አንድ ሰው ዋጋውን ከፍሎ ለዘለቄታው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ካወረደ፣ ውሉ ፈቃድ ብሎ ቢጠራውም ነገሩ ሽያጭ ነው ሲል ደመደመ። ከኢንተርኔት ማውረድም ዲስክ ከመቀበል አይለይም። ስለዚህ መልሶ መሸጥ ይቻላል፤ ሻጩ ግን የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ ማድረግ አለበት።

የፓሪስ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2019 ይህን አስተሳሰብ ተከተለ። ቫልቭ አገልግሎቱን የደንበኝነት ምዝገባ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ነገር ምዝገባ ሊባል አይችልም አለና ክልከላውን ዋጋ አሳጣው። በወቅቱ ዜናው በዓለም ዙሪያ «የስቲም ጌም መሸጥ ተፈቀደ» ተብሎ ተሰራጨ፤ ይግባኝ እንዳለ የጠቀሰው ዘጋቢ ጥቂት ነበር። ዛሬም ድረስ ይህን የ2019 ውሳኔ እንደ ጸና ሕግ የሚጠቅሱ አሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ግን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ አቅጣጫውን ቀየረ። ቶም ካቢኔት የተባለ የኔዘርላንድ ድርጅት ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን ይሸጥ ነበር። በዲሴምበር 2019 ፍርድ ቤቱ ዩዝድሶፍት ላይ የተባለው ለኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ ነው አለ። መጻሕፍት የሚገዙት በ2009 በወጣው የሶፍትዌር መመሪያ ሳይሆን በ2001 በወጣው የቅጂ መብት መመሪያ ነው፤ በዚህኛው ደግሞ መብት የሚሟጠጠው በእጅ በሚያዝ ዕቃ ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ ጌም ከየትኛው ወገን ይመደባል የሚለው ነበር። ጌም ፕሮግራም ነው፤ ያለ ፕሮግራም አይሠራም። ግን ሙዚቃም፣ ሥዕልም፣ ታሪክም፣ የተዋንያን ድምፅም ነው። የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2022 ጌም ውስብስብ ሥራ ስለሆነ ሶፍትዌሩ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሚገዛው በ2001 መመሪያ ነው ብሎ የመጀመሪያውን ውሳኔ ሻረ። ሰበር ሰሚውም ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ አጸና፤ ነጥቡ አያጠራጥርም በማለትም ጉዳዩን ወደ ኅብረቱ ፍርድ ቤት ሳይመራው ቀረ።

ሰበር ሰሚው ከሕግ ቃል በተጨማሪ የገበያ ምክንያትም አቅርቧል። ፕሮግራም ጊዜው እስኪያልፍበት ድረስ ይሠራበታል። ጌም ግን ጨዋታው እንዳለቀ ወዲያው ወደ ገበያ ይመለሳል፣ ከዓመታት በኋላም ለአዲስ ተጫዋች እንደ አዲስ ነው። ይህ ትክክለኛ ትዝብት ነው፤ የክርክሩ ደካማ ጎንም ግን እዚሁ ላይ ይታያል። ጨርሶ መሸጥ የዲስኩም ጠባይ ነውና። ሕጉ በዲስክ ላይ ያን ጉዳት አሳታሚው እንዲሸከመው ፈረደ፤ በዲጂታል ላይ ያንኑ ጉዳት ለመከልከያ ምክንያት አደረገው። ሁለቱን የሚለይ ነገር ካለ የጉዳቱ መጠን ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

በአሜሪካ መንገዱ ሌላ፣ መድረሻው ግን አንድ ነው። ሬዲጂ የተባለ ድርጅት አይቱንስ ከተባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ መደብር የተገዙ ዘፈኖችን የሚያዘዋውር ዘዴ ሠርቶ ነበር። ፋይሉ ቁራሽ በቁራሽ ሲላክ ከሻጩ ኮምፒውተር ላይ እየተጠረገ ይሄዳል፤ በየትኛውም ቅጽበት ሁለት ሙሉ ቅጂ የለም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2018 ይህም ቢሆን በአዲስ ቦታ አዲስ ቅጂ መፍጠር ነው፣ የማባዛት መብት ደግሞ አይሟጠጥም አለ። ለጌም ሌላም እንቅፋት አለ። አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤቶች የሶፍትዌር ገዢ በውሉ መሠረት ባለ ፈቃድ እንጂ የቅጂው ባለቤት ላይሆን እንደሚችል ተቀብለዋል፤ የመጀመሪያ ሽያጭ ደንብ የሚጠቅመው ደግሞ ባለቤትን ነው። በ1908 በመጽሐፍ ውስጥ ታትሞ ዋጋ ያጣው ዓይነት ማሳሰቢያ ዛሬ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ተጨምሮበት ይሠራል።

## የማያረጅ አሮጌ ዕቃ

አሳታሚዎች የሚፈሩት ነገር ተራ ስግብግብነት ተብሎ ሊጣል አይገባውም። ያገለገለ ዲስክ አዲሱን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ይጫጫራል፣ ሣጥኑ ይሰበራል፣ ገዢው ከመደብሩ ድረስ ይሄዳል ወይም የፖስታ ይከፍላል፣ ቀናት ይጠብቃል። እነዚህ ትንንሽ ችግሮች ተደምረው አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ ግድግዳ ይሆናሉ። ዲጂታል ቅጂ ላይ ይህ ግድግዳ የለም፤ ያገለገለው ከአዲሱ በምንም አይለይም፣ ከአዲስ አበባ እስከ ቶሮንቶ ለመድረስም ሰከንድ ይበቃዋል።

በአሥር ሰዓት የሚያልቅ ታሪክ ያለውን ጌም እንውሰድ። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ቅጂው እጅ ላይ ሳያርፍ ከሰው ወደ ሰው ቢዞር በሳምንት አሥራ ስድስት ሰው ሊጨርሰው ይችላል። ዲስክ በዚያው ጊዜ ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይደርስ ነበር። በዚህ ገበያ ተጎጂው አጭርና አንዴ የሚጫወቱት ጌም የሚሠራው ትንሽ ስቱዲዮ ነው። ዓመቱን ሙሉ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም ብዙም አይነካም፤ እሱን ማንም ቶሎ አይሸጠውም። ስለዚህ ክፍት የዲጂታል ገበያ ቢፈቀድ አሳታሚዎች ሥራቸውን ወደ ወርሃዊ ክፍያና በጌም ውስጥ ወደሚሸጡ ዕቃዎች ማዞራቸው አይቀርም ነበር። ይህ ደግሞ ብዙ ተጫዋቾች የሚያማርሩበት ነገር ነው።

በሌላ በኩል የሸማቾቹ ወገንም የሚለው አለው። ዲስክ ሲኖር በአንድ ጌም ላይ ብዙ ሻጮች ይወዳደራሉ፤ ያገለገለውም ገበያ የአዲሱን ዋጋ ወደ ታች ይስባል። በኮንሶል ዲጂታል መደብር ግን ሻጩ አንድ ነው። በኮምፒውተሩ በኩል የስቲም ትልልቅ ቅናሾች ይህን ጉዳት በከፊል ያካክሳሉ፤ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ለተጫወቱት ጌም ገንዘብ መመለሱም እንዲሁ። ያም ሆኖ ሁለቱም መደብሩ በፈቃዱ የሚሰጣቸው ናቸው፤ ደንበኛው እንደ መብት የያዘው አይደለም።

በመሃል መንገድ ለመሄድ የሞከሩም ነበሩ። ሮቦት ካሽ የተባለ መደብር ተጫዋቹ የኮምፒውተር ጌሙን መልሶ እንዲሸጥ ፈቅዶ፣ ከዳግም ሽያጩ 70 በመቶውን ለአሳታሚው፣ 25 በመቶውን ለሻጩ ይሰጥ ነበር። ስሌቱ የአሳታሚውን ቅሬታ ይመልሳል። ነገር ግን ማንም እንዲገባ አይገደድም፤ ትልልቆቹ አሳታሚዎችም በብዛት አልገቡበትም። ያለ ዳግም ሽያጭ መቶ በመቶ ደንበኛ በእጃቸው ሳለ ለምን ይገባሉ?

## ዲስኩም ውስጡ ባዶ ሲሆን

እስካሁን ዲስክና ዲጂታል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አድርገን ሄደናል። በገበያው ላይ ግን ድንበሩ እየደበዘዘ ነው። በጁን 2025 ለገበያ የቀረበው ኔንቲዶ ስዊች 2 ያመጣው የቁልፍ ካርድ ጥሩ ማሳያ ነው። ካርዱ እንደ ማንኛውም የጌም ካርድ በሣጥን ይሸጣል፤ በውስጡ ግን ጌሙ የለም። ኮንሶሉ ላይ ሲሰካ ጌሙን ከኢንተርኔት ለማውረድ ፈቃድ ይሰጣል፤ በተጫወቱ ቁጥርም ካርዱ መሰካት አለበት። አሠራሩን ብዙዎች ነቅፈውታል፤ ከዳግም ሽያጭ አንጻር ግን ከንጹሕ ዲጂታል የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ካርዱን የያዘ ሁሉ ይጫወታል፣ መሸጥም ይቻላል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። የማውረጃው ሰርቨር የተዘጋ ዕለት ካርዱ ፕላስቲክ ብቻ ይሆናል። ያው ኩባንያ ለንጹሕ ዲጂታል ጌሞቹ ያዘጋጀው ምናባዊ ካርድ ደግሞ ለቤተሰብ አባል ለሁለት ሳምንት ይዋሳል እንጂ አይሸጥም።

ዕቃውን እየሸጡ ጥቅሙን በአካውንት ማሰር ሕጋዊ መሆኑ ቀደም ብሎ ተፈትኗል። ሃፍ ላይፍ 2 በዲስክ ቢሸጥም ያለ ስቲም አካውንት አይከፈትም ነበር፤ አካውንቱ ደግሞ አይተላለፍም። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2010 ዲስኩን መሸጥ የከለከለው ሰው የለም፣ ገዢው አለመጫወቱ ከመብት መሟጠጥ ጋር አይገናኝም ሲል ወሰነ። ዩቢሶፍትም በማርች 2024 መጨረሻ ዘ ክሩ የተባለውን የመኪና ውድድር ሰርቨር ሲዘጋ፣ በዲስክ የገዙትም በዲጂታል የገዙትም እኩል አጡት። ዲስኩን ዛሬም መሸጥ ይፈቀዳል፤ የሚገዛው ግን የለም።

## በጓሮ በር

በፊት ለፊት በር ያልተፈቀደ ነገር በጓሮ ይሸጣል፤ እዚህም የሚሸጠው አካውንቱ ነው። ጉዳዩ የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት መደብር በይፋ ባልተከፈተባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ይበልጥ ይታያል። እዚህ ተጫዋቹ ወይ ዲስክ ይገዛል፣ ወይ በሌላ አገር ስም አካውንት ያስከፍታል፣ ወይ ጌም ያለበት አካውንት ከሌላ ሰው ይገዛል። ዲስኩ ከሦስቱ ሁሉ አስተማማኙ ነው። ከዱባይም ይምጣ ከዋሽንግተን ዘመድ ይላከው፣ የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ዲስኮች በአገር ስለማይታጠሩ ይሠራሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለተጨማሪ ይዘት ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ዲስክ የሚቀበለው ከአሜሪካ መደብር የተገዛ ተጨማሪ ይዘትን ነው።

አካውንት የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ግን የመዝገቡን የይለፍ ቃል እንጂ መዝገቡን አይደለም። በፕሌይስቴሽን 4 አንድ አካውንት አንድን ማሽን ዋና ብሎ ሲመዘግብ፣ በዚያ ማሽን ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ጌሙን መክፈት ይችላል፤ አካውንቱ ራሱ ደግሞ በሌላ ማሽን ላይ ይጫወታል። አንዳንድ ሻጮች አንዱን አካውንት ለሁለት ሰው የሚሸጡት በዚህ ቀዳዳ ነው። አንዱ ገዢ ምዝገባውን ሲቀይረው ሌላው በማግስቱ ኮንሶሉን ከፍቶ በጌሙ ሥዕል ላይ የተቆለፈ ቁልፍ ምልክት ያያል። ቅሬታ ቢያቀርብም ኩባንያው አካውንቱን የሚመልሰው ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ የመጀመሪያውን ኢሜይልና የክፍያ ማስረጃ የያዘው እሱ ነውና። ገዢው ውሉን እሱ ራሱ ስለጣሰ የሚከራከርበት ነገር አይቀረውም።